የምህንድስና ድርጅት የላከውን ረጅም የፎቶ መግለጫ ለማንም እንዲገባ አድርጎ ማረም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያለው ምሳሌ በተለያየ ጊዜ ከደረሱኝ መግለጫዎች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ የማንም ድርጅት አይደለም፣ የሁሉም ግን ይመስላል።

ድርጅቱ የላከውን እንዳለ ብለጥፈው ምን ችግር አለው?

መጀመሪያ ፎቶውን ልንገራችሁ። ክሬን ረጅም የብረት ቧንቧ አንጠልጥሎ ይዟል። የቧንቧው አፍ ላይ ትልቅ ማንቆርቆሪያ መሳይ ነገር አለ፤ ከሚክሰር መኪና የሚወርደው ኮንክሪት እዚያ ውስጥ ይገባል። ከሥር አንድ ሜትር ያህል የሚሰፋ ክብ ጉድጓድ አለ፣ ከጉድጓዱ አፍ ደግሞ ግራጫ ጭቃ ገንፍሎ ይፈሳል። ሁለት ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። አብሮት የመጣው መግለጫ ይሄ ነው፦

> በፎቶው ላይ እንደሚታየው ድርጅታችን በኮንሰልታንትነት ሱፐርቫይዝ እያደረገው በሚገኘው የጂ+12 ሚክስድ ዩዝ ሕንፃ ፕሮጀክት ሳይት ላይ በጂኦቴክኒካል ኢንቨስቲጌሽን የተለየውን የኤክስፓንሲቭ ክሌይ ሌየር ታሳቢ በማድረግ ዲዛይን የተደረጉት ዲያሜትራቸው 1000 ሚሜ ጥልቀታቸው 25 ሜትር የሆኑ 64 ቦርድ ፓይሎች በቤንቶናይት ስለሪ ስታቢላይዝድ በሆነ ቦርሆል ውስጥ የሪኢንፎርስመንት ኬጅ ኢንስታሌሽን ተከናውኖ በትሬሚ ሜተድ የሲ-30 ኮንክሪት ካስቲንግ ሥራ በመከናወን ላይ የሚገኝ ሲሆን የእያንዳንዱ ፓይል አልቲሜት ካፓሲቲ 7,500 ኪሎኒውተን ሴፍቲ ፋክተሩ 2.5 በመሆኑና እስካሁን በተጠናቀቁት 41 ፓይሎች ላይም ፒአይቲ ተሠርቶ ኢንተግሪቲያቸው ኮንፈርም በመደረጉ የሰብስትራክቸሩ ሥራ በተያዘለት ስኬጁል መሠረት በሁለተኛው ኳርተር እንደሚጠናቀቅ ይጠበቃል።

ሰማንያ አራት ቃል፣ አንድ አራት ነጥብ። ፌስቡክ ላይ ከጥቂት መስመር በኋላ ስለሚታጠፍ አብዛኛው ሰው የሚያነበው «ታሳቢ በማድረግ» አካባቢ ድረስ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ምን እየተሠራ እንደሆነ ገና አልተነገረውም። ከዚያ ወደ ፎቶው ይመለስና ጭቃውን ያያል። «ጭቃ ውኃ ውስጥ ኮንክሪት ይደፋሉ፣ ነገ ሲፈርስ ደግሞ እግዜር አመጣው ይላሉ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ አስተያየት አንዴ ከተለጠፈ ከመግለጫው በላይ ይነበባል።

ታርሞ ሲያልቅ ምን ይመስላል?

እኔ ያደረስኩት እዚህ ድረስ ነው፦

> ከክሬኑ የተንጠለጠለው ቧንቧ ኮንክሪት ወደ 25 ሜትር ጥልቅ ጉድጓድ ግርጌ እያወረደ ነው። የሚፈሰው ጭቃ ጉድጓዱ እንዳይናድ የተሞላ ነው፤ ኮንክሪቱ ከሥር ሲሞላ እየተገፋ ይወጣል። ቦሌ እየተሠራ ያለው ጂ+12 ሕንፃ እንዲህ ባሉ 64 ምሰሶዎች ላይ ያርፋል፤ ላይኛው ጥቁር አፈር ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ አይታመንም። እስካሁን 41ዱ ተጠናቀዋል።

አርባ አምስት ቃል ነው፤ አራት አራት ነጥብ አለው። ለማሳጠር ብዬ ብቻ የቀነስኩት አይደለም። እንዲያውም ኦርጅናሉ ላይ በግልጽ ያልነበሩ ሁለት ነገሮች ጨምሬበታለሁ፤ የጭቃው ምክንያትና ቦታው። አዎ፣ በሰማንያ አራት ቃል ውስጥ ሕንፃው የት እንደሚሠራ አልተጻፈም ነበር። ደውዬ ነው የጠየቅሁት።

ከየት ልጀምር? ከጽሑፉ ነው ወይስ ከፎቶው?

ከፎቶው። ጽሑፉን ሳያነቡ ፎቶውን ብቻ ለጎረቤት፣ ለዘበኛ፣ ለሚስት ወይም ለባል ያሳዩና ዝም ይበሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ጥያቄ የመግለጫው የመጀመሪያ ሥራ ነው። በዚህ ፎቶ ላይ ያለ ጥርጥር «ይሄ ጭቃ ምንድን ነው?» የሚል ይሆናል። መሐንዲሱ ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ በየቀኑ ስለሚያየው ጭቃው ለዓይኑ ጠፍቶበታል። ስለዚህ ስለ ሁሉም ነገር ጽፎ ስለ ጭቃው የተናገረው «በቤንቶናይት ስለሪ ስታቢላይዝድ በሆነ» በምትል ሐረግ ብቻ ነው። መልሱ እዚያ ነበር፣ ግን ማንም አያገኘውም።

እውነታው ይሄ ነው። ጉድጓዱ እየተቆፈረ ሲወርድ ልል ወይም ውኃ ያለው አፈር ከግድግዳው እየተናደ ይገባል። ያንን ለመከላከል ቤንቶናይት የሚባል ደቃቅ ሸክላ በውኃ ተበጥብጦ ይሞላበታል፤ ግድግዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ይይዘዋል። ከዚያ የፌሮው ቅርጫት ይወርዳል፣ ቧንቧው እስከ ግርጌ ይገባል፣ ኮንክሪቱ በቧንቧው ውስጥ ሄዶ ከታች ወደ ላይ ይሞላል። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የተበጠበጠው ጭቃ ደግሞ ከውኃ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ከባዱ ከሥር ይቀመጣል፣ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። የቧንቧው ጫፍ ሁልጊዜ በተሞላው ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቆይ አዲሱ ኮንክሪት ጭቃውን ሳይነካ ይገባል። ጭቃው መገንፈሉ እንግዲህ ሥራው በትክክል እየሄደ የመሆኑ ምልክት ነው። አንባቢው ጥፋት ብሎ ያየው ነገር ዋናው ጥበብ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ተመሳሳይ ወጥመድ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይመጣል። ሠራተኞች የምሰሶዎቹን ጭንቅላት በድሪል ሲሰብሩ የሚያሳይ ፎቶ ይላካል። አንባቢ «ተበላሽቶ ሊያፈርሱት ነው» ይላል። ግን ከጭቃው ጋር ተገናኝቶ መጀመሪያ ወደ ላይ የወጣው ኮንክሪት ንጹሕ ስለማይሆን ምሰሶው ከሚፈለገው በላይ ከፍ ተደርጎ ይሞላል፣ ኋላም ትርፉ ተሰብሮ ፌሮው እንዲወጣ ይደረጋል። «ትርፉን እየሰበሩ ነው» የሚሉ ሦስት ቃላት ያንን ሁሉ ጭቅጭቅ ያስቀራሉ።

የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ብተካው አይበቃም?

አይበቃም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከቃሉ ይልቅ ዐረፍተ ነገሩ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አጭር ዐረፍተ ነገር ላይ ይህ ምንም አይከብድም፤ ሰማንያ ቃል ላይ ግን አንባቢው ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ «ማን ምን አደረገ?» እያለ እስከ በሩ ድረስ ይሄዳል። ከላይ ያለውን መግለጫ ደግማችሁ ብታነቡ 64ቱ ፓይሎች የራሳቸው ግሥ እንኳ የላቸውም። «64 ቦርድ ፓይሎች» ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ቅርጫቱ መጣ፣ ካስቲንጉ መጣ፣ ፓይሎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። የጻፈው ሰው ያላስተዋለው ዐረፍተ ነገሩ ስለረዘመበት ነው።

ስለዚህ ቃል ከመተርጎሜ በፊት ጽሑፉን በግሥ እቆራርጠዋለሁ። ምን ምን ሆነ? ጉድጓድ ተቆፈረ። ጭቃ ተሞላ። ፌሮ ገባ። ኮንክሪት እየወረደ ነው። 41 አለቁ። እንዲህ ሲደረደር የትኛው ከፎቶው ጋር እንደሚሄድ ወዲያው ይታያል፤ «እየወረደ ነው» የሚለው ብቻ ነው በዓይን የሚታየው፣ ስለዚህ እሱ ይቀድማል። «ኢንስታሌሽን ተከናውኖ»፣ «ካስቲንግ ሥራ በመከናወን ላይ የሚገኝ ሲሆን» የሚሉትም በዚሁ ይሟሟሉ። «ማከናወን» የሚለውን ቃል ባየሁበት ሁሉ እውነተኛውን ግሥ አጠገቡ ካለው ስም ውስጥ አወጣዋለሁ። የማውረድ ሥራ ከተከናወነ ወረደ ማለት ነው።

የትኛውን የውጭ ቃል ልተው፣ የትኛውን ልቀይር?

መለኪያዬ መዝገበ ቃላት አይደለም፤ ቤት ያሠራ ሰው ምን ይላል የሚለው ነው። ኮንክሪት፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ክሬን፣ ሚክሰር ይቆያሉ። «የብረት ማጠናከሪያ ዘንግ» ብሎ ፌሮን መተርጎም አንባቢውን ከሚያውቀው ነገር ማራቅ ነው። «ጂ+12»ም ይቆያል፤ ደላላውም ተከራዩም የሚናገረው እንዲያው ነው፣ «ባለ 12 ፎቅ» ቢባል ደግሞ ምድር ቤቱ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ፓይል መሐል ላይ ያለ ቃል ነው። የግንባታ ሰው ያውቀዋል፣ ሌላው አያውቀውም። መግለጫው ውስጥ «ምሰሶ» ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ «ፓይል የሚባለው ወደ መሬት የሚወርድ የኮንክሪት ምሰሶ» ብዬ አንዴ አስተዋውቄ ከዚያ በኋላ ፓይል እለው ነበር። ትሬሚ ግን ይውጣ፤ ቧንቧው ፎቶው ላይ ስለሚታይ «ቧንቧው» ይበቃዋል። ኤክስፓንሲቭ ክሌይን በተመለከተ እንግሊዝኛውም ሆነ «ተስፋፊ ሸክላ» የሚለው ትርጉም ከንቱ ድካም ነው። ቦሌና አቃቂ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ጥቁር አፈርን፣ ገበሬው ዋልካ የሚለውን፣ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ አጥርና በረንዳ ያነሳል። የአፈር ጥናቱ የነገረን ይህንኑ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለማቅለል ብሎ ኮንክሪትን «ሲሚንቶ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ሲሚንቶ ዱቄቱ ነው፤ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውኃ ጋር ሲቦካ ነው ኮንክሪት የሚሆነው። እንዲህ ያለ ስህተት አንድ ጊዜ ከገባ መሐንዲሱ ቀሪውን እርማት በሙሉ ውድቅ የማድረግ መብት ያገኘ ይመስለዋል፤ አልፈርድበትምም።

ቁጥሮቹን ሁሉ ላውጣቸው?

ዓይን ሊያየው የማይችለውን የሚነግረው ቁጥር ይቆይ። ጥልቀቱ ፎቶ ላይ አይታይም፣ ስለዚህ 25 ሜትር ይቆያል። ስፋቱ 1000 ሚሊ ሜትር ነው መባሉ ግን ከሰው ቁመት ጋር ተነጻጽሮ ፎቶው ላይ ይታያል፤ መጻፍ ካስፈለገም «አንድ ሜትር» ነው። 64 እና 41 ይቆያሉ፤ ሥራው የት እንደደረሰ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የኮንክሪቱ ጥንካሬ መለያ የሆነው ሲ-30 ይወጣል።

ቁጥር ማስረዳት ሲያስፈልግ ንጽጽሩ ሰውየው በእጁ ከያዘው ነገር ይምጣ። አንዱን ፎቅ ሦስት ሜትር ብንለው 25 ሜትር ስምንት ፎቅ ወደ መሬት እንደ መግባት ነው። አንዱ ምሰሶ የሚፈጀው ኮንክሪት ወደ 20 ሜትር ኩብ ነው፤ ውኃ በበርሜል ያጠራቀመ ሰው ባለ 200 ሊትር በርሜል መቶ ያህል መሆኑን ወዲያው ያያል። ሲ-30ን የግድ ማስረዳት ቢያስፈልግ ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ሦስት ኩንታል ገደማ ቢጫንበት እንዲችል ታስቦ የተቦካ ማለት ነው። ግን ልብ ይበሉ፦ ይህ ጥንካሬ የሚለካው ናሙናው 28 ቀን ከሞላው በኋላ ነው። ፎቶው የተነሳው በሚሞላበት ቀን ከሆነ «ይችላል» ተብሎ አይጻፍም። አንድ መግለጫ ውስጥ ከአንድ በላይ ንጽጽር አላስገባም፤ ስምንት ፎቅ፣ መቶ በርሜልና ሦስት ኩንታል ተከታትለው ሲመጡ ከመጀመሪያው ቃላት የባሰ ያደክማሉ።

«አልቲሜት ካፓሲቲ 7,500 ኪሎኒውተን» የሚለውን «750 ቶን ይሸከማል» ብዬ ብጽፈውስ?

ስሌቱ ልክ ነው፣ ዐረፍተ ነገሩ ግን ውሸት ነው። ኪሎኒውተንን ለአሥር ሲያካፍሉ ወደ ቶን የሚጠጋ ቁጥር ይገኛል፤ እስከዚህ ችግር የለም። ነገር ግን አልቲሜት ማለት ምሰሶው ከዚያ በላይ ቢጫንበት መሬቱ እምቢ ብሎ የሚለቅበት ወሰን ነው። ማንም መሐንዲስ እስከዚያ አይጭንም። ወሰኑን ለሴፍቲ ፋክተሩ፣ ለ2.5 አካፍሎ 3,000 ኪሎኒውተን፣ ማለትም 300 ቶን ገደማ ብቻ እንዲጫንበት ይፈቅዳል። ለአንባቢው የሚነገረው ይህ ነው፤ በኩንታል ብንቆጥረው 3,000 ኩንታል በአንድ ምሰሶ ላይ።

እዚህ ላይ ብዙ አርታኢ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፣ ድርጅቱም ደስ ይለዋል። ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ስለዚያው ሕንፃ 300 ቶን የሚል የሚያነብ ሰው «ግማሹን በሉት እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን ቁጥሮች አስማምቶ ለማስረዳት ቦታ ከሌለ ሁለቱም ይውጡ። እኔ ያደረግሁት ያንን ነው፤ ፎቶው ስለ ክብደት ምንም አያሳይምና።

«ፒአይቲ ተሠርቶ ኢንተግሪቲያቸው ኮንፈርም ተደርጓል» የሚለውን «ተፈትነው አስተማማኝነታቸው ተረጋግጧል» ማለት ይቻላል?

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ትርጉሙ ልክ ይመስላል። ምርመራው ምን እንደሆነ ካልጠየቁ አይታወቅም። የምሰሶው ጭንቅላት በትንሽ የእጅ መዶሻ ይመታል፤ አጠገቡ የተለጠፈ መሣሪያ ድምፁ ወደ ታች ሄዶ ሲመለስ ያለውን ንዝረት ይመዘግባል። ምሰሶው መሐል ላይ ተሰንጥቆ፣ ቀጥኖ ወይም አፈር ገብቶበት ከሆነ ንዝረቱ ከሚጠበቀው ቀድሞ ይመለሳል። ሐብሐብ ገዢ በጣቱ መትቶ እንደሚያዳምጠው በሉት።

ስለዚህ ምርመራው የሚናገረው ምሰሶው ትልቅ ጉድለት የታየበት መሆን አለመሆኑን ነው። ስንት እንደሚሸከም አይናገርም። እሱን ለማወቅ ሌላ ፈተና አለ፤ ምሰሶው ላይ እውነተኛ ጭነት ተጭኖ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ይለካል። ያ ውድና ረጅም ስለሆነ የሚሠራው በጥቂቶቹ ላይ ነው። «አስተማማኝነታቸው ተረጋግጧል» ብለን ስንጽፍ ያልተሠራውን ፈተና ተሠርቷል ማለታችን ነው፤ መሐንዲሱ እንዲያ አላለም፣ ነገር ቢመጣ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። ልክ የሚሆነው «በመዶሻ ምርመራ ጉድለት አልተገኘባቸውም» ነው። «ጉድለት የለባቸውም» እና «ጉድለት አልተገኘባቸውም» መካከል ያለችውን ልዩነት አትናቋት፤ ትንንሽ ጉድለትና በጣም ጥልቅ ቦታ ያለ ጉድለት በዚህ ዘዴ ሊያመልጥ ይችላል።

አጭሩ መግለጫ ላይ ምርመራውን ጨርሶ ያወጣሁት ድርጅቱ ቅር እያለው ነው። ፎቶው የምርመራው ቢሆን ኖሮ ዋናው ዐረፍተ ነገር እሱ ይሆን ነበር። ለምን የምርመራውን ፎቶ አትልኩልኝም አልኳቸው፣ ላኩልኝ። መሐንዲስ ተንበርክኮ ትንሽ መዶሻ ይዞ ኮንክሪት ሲያንኳኳ የሚያሳይ ነው፤ ከክሬኑ ይልቅ ብዙ ሰው ቆሞ ያየው እሱን ነበር።

«በሁለተኛው ኳርተር ይጠናቀቃል» ለሚለው ምን ላድርግ?

ይጠይቁ፣ ራስዎ አይተርጉሙት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሁለተኛው ሩብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የውጭ አበዳሪ ወይም የውጭ አጋር ያለው ድርጅት ግን በፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ማለቱ ሊሆን ይችላል። የስድስት ወር ልዩነት ነው። መልሱ ሲገኝ የወር ስም ይጻፍ፦ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ»።

«ይጠበቃል» የሚለው ቃል ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል። ማን ነው የሚጠብቀው? «ድርጅቱ እስከ ታኅሣሥ እጨርሳለሁ ይላል» ብለን ስንጽፍ ቃሉ የድርጅቱ ይሆናል። ይህን ስል አንዳንዶቹ ቀኑን ራሳቸው አውጡት ይላሉ፤ እኔም ከፎቶው ጋር ስለማይገናኝ ደስ ብሎኝ አወጣዋለሁ።

የባለቤቱን፣ የአማካሪውንና የተቋራጩን ስም የት ላስገባው?

መጨረሻ ላይ፣ በራሱ መስመር። ስማቸው መጀመሪያ ላይ እንዲሆን የሚለምኑ ይኖራሉ፤ አንባቢው ግን ስሙን የሚፈልገው ነገሩ ከገባው በኋላ ነው።

መሐንዲሱ «ሙያዊነቱ ጠፋ» ብሎ ቢቆጣስ?

ይቆጣል። መጀመሪያ ላይ እኔም ተከራክሬያለሁ፣ አልጠቀመም። አሁን የማደርገው ከመጻፌ በፊት መደወል ነው፤ ምክንያቱም መሐንዲስ ሲጽፍና ሲያወራ ሁለት ሰው ነው። እንዲህ ይሆናል፦

«ኢንጂነር፣ ይሄ የሚፈሰው ጭቃ ምንድን ነው?»
«እሱማ ቤንቶናይት ነው።»
«ምን ይሠራል?»
«ጉድጓዱን ይዞልን ነዋ! እሱ ባይኖር በአንድ ሌሊት ተንዶ ይደፈን ነበር።»
«ታዲያ ኮንክሪቱ ሲገባ የት ይሄዳል?»
«እየገፋው ይወጣላ። ሰብስበን፣ አሸዋውን አጣርተን፣ ለሚቀጥለው ጉድጓድ እንጠቀምበታለን።»

መግለጫው ተጽፎ አለቀ ማለት ነው። «እንዳይናድ» እና «እየተገፋ ይወጣል» የሚሉት ቃላት የእሱ ናቸው፤ ጽሑፉን መልሼ ስልክለት የራሱን አነጋገር ስለሚያገኘው «ሙያዊነቱ ጠፋ» ለማለት ይከብደዋል። ስልክለትም «ደስ ብሎህ እንደሆነ ንገረኝ» አልልም፤ «ስህተት የሆነውን ቃል አስምርበት» ነው የምለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰማንያ አራቱን ቃላት መልሶ ያመጣቸዋል። በሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ አንድ ቃል ተሰምሮበት መጣልኝ፦ «ግርጌ» ብዬ የጻፍኩት ላይ «የቧንቧው ጫፍ ግርጌ ላይ ያለው ሲጀመር ብቻ ነው፣ ኮንክሪቱ ከፍ ሲል ቧንቧውም ቀስ በቀስ ይሳባል» የሚል። ልክ ነው። ፎቶው የሙሌቱ መጀመሪያ ይሁን መሐል ጠየቅሁት፤ መጀመሪያ ነው አለ፣ ቃሉ ቆየ።

መሐንዲሱን ማግኘት ባልችልስ?

ያልገባዎትን ቃል በግምት አይተርጉሙት፤ ያውጡት። ከላይ ካለው መግለጫ ቤንቶናይት፣ ፒአይቲና አልቲሜት ምን እንደሆኑ ባላውቅና የሚያስረዳኝ ባጣ «ለጂ+12 ሕንፃ መሠረት 25 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ኮንክሪት እየተሞላ ነው። ከ64ቱ ምሰሶዎች 41ዱ አልቀዋል» ብዬ አቆም ነበር። የጭቃውን ጥያቄ አይመልስም፣ ግን አንድም ሐሰት የለበትም። ፎቶው ደግሞ ያለ ጭቃው ማብራሪያ መውጣት የለበትም የሚል ስሜት ካደረብዎት፣ ፎቶውን ራሱን ሳይለጥፉ ያቆዩት፤ ነገ ጠዋት ስልኩ ይነሳል።